ሌሊት ውኃ ሲመጣ ቧንቧው ድው ድው ይላል፤ ምን ይሻላል? (ጎንደር)

የማራኪ_እህት | ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ማራኪ ነው የምንኖረው፤ ቤቱ ጂ ፕላስ ዋን ነው። ውኃ በፈረቃ ነው የሚደርሰን፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት ነው የሚመጣው። ውኃው እንደመጣ ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ መሙላት ይጀምራል። መጀመሪያ ላይ ሰላም ነው። ሮቶው ሊሞላ ሲል ግን ድው... ድው... ድው... ይጀምራል። ግድግዳው ሁሉ ይሰማል። ልጆቹ ይነቃሉ፣ እናቴ ደግሞ «ይሄ ቤት አንድ ቀን ይጥለናል» እያለች ትጸልያለች።

ከቆጣሪው እስከ ጣሪያው ግማሽ ኢንች የብረት ቧንቧ ነው፤ ርዝመቱ ወደ 30 ሜትር ይሆናል።

ሌላም አለ። የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ውኃ መቀበሉን ሲያቆም አንዴ ጓ! ይልና ዝም ይላል። ባለሙያ አስመጥተን ነበር። «አየር ገብቶበት ነው» ብሎ ቧንቧውን ከፍቶ አስተነፈሰልን፣ ሒሳቡን ተቀበለና ሄደ። ምንም የተለወጠ ነገር የለም። በዚህ ነገር የምታውቁት ካላችሁ እባካችሁ።

የአዘዞ_ነጋዴ | ሰኞ ማታ

እህቴ፣ ይሄ አየር ለመሆኑ ጥርጥር የለውም። እኛም ጋ ውኃ ሲመጣ መጀመሪያ ፍስስ ይላል፣ ቱፍ ቱፍ እያለ ይተፋል፣ ቆጣሪው ብቻውን ይሽከረከራል። ለአየር ነው የምንከፍለው! ስለዚህ ጉዳይ የሆነ ሰው አቤት ቢል ጥሩ ነበር። የኔ ቢል ባለፈው ወር እጥፍ ሆኖ መጣ።

ፎርማን_ጎንደር | ሰኞ ማታ

ችግሩ ቀላል ነው። ቧንቧው በደንብ አልታሰረም። ልቅ ቧንቧ ሁሌ ይንጫጫል። በየአንድ ሜትር ተኩሉ ክላምፕ አስመቺለት፣ በቧንቧውና በክላምፑ መካከል ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ጎማ አስገቢ፣ በቃ ዝም ይላል። ቆጣሪው ጋ ደግሞ ቼክ ቫልቭ ይግባ። ውኃው ወደ ኋላ ካልተመለሰ አይመታም። ብዙ ሳይት ላይ ያደረግነው ነው።

ቧንቧ_ሠሪ_አራዳ | ማክሰኞ ጠዋት

እንደምን አደራችሁ። ይሄን ሥራ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የምሠራው፣ እስቲ በረጋ መንፈስ እንየው።

ልጄ፣ አንድ ትልቅ ነገር ራስሽ ጽፈሻል። ድምፁ የሚጀምረው ውኃው ሲመጣ አይደለም፤ ሮቶው ሊሞላ ሲል ነው። አየር ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ላይ ነበር የሚጮኸው፤ የአዘዞው ወንድማችን እንዳለው ፍስስና ቱፍ ቱፍ እያለ። ቧንቧው አየሩን ከተፋ በኋላ ዝም ይላል። ያንቺ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ስለዚህ አየር በማስተንፈስ አይድንም።

የሚሆነው ይሄ ነው። በ30 ሜትር ቧንቧ ውስጥ ያለው ውኃ ስድስት ኪሎ ያህል ይመዝናል፣ እየሮጠም ነው የሚመጣው። ከፊቱ ያለው በር ድንገት ሲዘጋበት፣ ሰው ጢም ያለበት ባጃጅ ድንገት ፍሬን ሲይዝ የኋለኛው በፊተኛው ላይ እንደሚደራረበው፣ ውኃውም በተዘጋው ጫፍ ላይ ይታጨቃል። ግፊቱ እዚያ ላይ ይዘልና ወደ ኋላ እየጋለበ ይሄዳል። መንገድ ላይ ያለው ትልቁ መስመር ጋ ሲደርስ ተመልሶ ይመጣል። ድው የምትይው ያንን ነው።

ሮቶው ውስጥ ኳስ ያለው ቫልቭ አለ፤ ኳሱ በውኃው ሲነሳ የውኃውን መግቢያ ይዘጋል። ሮቶው ሊሞላ ሲል መግቢያው የቀረችው ስንጥቅ ብቻ ናት። ከላይ የሚወርደው ውኃ ሮቶው ውስጥ ሞገድ ይሠራል፣ ኳሱ ብድግ ቁጭ ይላል፣ ስንጥቋ ጥርቅም ክፍት ትላለች። በተዘጋች ቁጥር ምት አለ፣ ምቱ ሲመለስ ደግሞ ቫልቩን ይገፋና ያስከፍተዋል። አንዱ ሌላውን እየጠራ ይቀጥላል። ለዚህ ነው ያንቺ ቤት አንዴ መትቶ ዝም የማይለው።

ፎርማን ወንድሜ፣ ስለ ክላምፑ እውነት ብለሃል። ልቅ ቧንቧ ድምፁን ያባብሰዋል፣ መታሰርም አለበት። ግን ክላምፕ ድምፁን እንጂ ምቱን አያጠፋውም። ግፊቱ ጎሚቶውንና ዩኒየኑን ዝም ብሎ ሲመታ ይኖራል፣ አንድ ቀን ግድግዳ ውስጥ ሲያንጠባጥብ ታየዋለህ። ቼክ ቫልቩን ግን አልደግፍም። ምቱ ወደ ትልቁ መስመር እንዳይወጣ በር ይዘጋበታል፣ ራሱም ሲዘጋ ጓ ሊል ይችላል።

አሁን ፈትሺው። ሌሊት ሲጀምር ቆጣሪው ጋ ያለውን ቫልቭ ቀስ እያልሽ ጥበቢው። እየጠበበ ሲሄድ ድምፁ ከደከመ የሮቶው ቫልቭ ነው። ቀን ላይ ደግሞ ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ የኳሱን ክንድ በእጁ ያወዛውዘው። በጨለማ ማንም እንዳይወጣ።

የማራኪ_እህት | ረቡዕ ጠዋት

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ሌሊት እንዳሉት አደረግሁ። ቆጣሪው ጋ ያለውን ቫልቭ ግማሽ ያህል ስዘጋው ድምፁ ወደ ቱክ ቱክ ወረደ። ዛሬ ጠዋት ወንድሜ ወጥቶ አየው። ክንዱ የሚዞርባት ፒን ተበልታ ክንዱ ወደ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ቫልቩን ሲፈታው ውስጡ ያለው ጎማ ላይ ክብ ምልክት ተቆርጦ ገብቷል፤ ጥፍር ያስገባል። መግቢያው ደግሞ ልክ ከኳሱ በላይ ነው፤ ውኃው ኳሱ ላይ ነው የሚወድቀው።

ቧንቧ_ሠሪ_አራዳ | ረቡዕ ጠዋት

በቃ ተገኘ። ፒኗ ተበልታለች፣ ጎማው ተቆርጧል፣ ኳሱ ላይ ውኃ ይዘንብበታል። ሦስቱም ቫልቩን ያንቀጠቅጡታል።

አዲስ ቫልቭ ግዢ። ሱቅ ስትሄጂ መግቢያውን አይተሽ ቀዳዳው ጠበብ ያለውን ምረጪ፤ ኳሱ ደግሞ ትልቅ፣ ክንዱም ረጅም ይሁን። ቀዳዳው ሲጠብ ውኃው ቫልቩን የሚገፋበት ኃይል ይቀንሳል። ትልቅ ኳስና ረጅም ክንድ ደግሞ አጥብቆ ይይዘዋል። ሰፊ ቀዳዳ ያለው ቫልቭ ከጣሪያ ሮቶ ወደ ታች ለሚወርድ ደካማ ውኃ ነው የሚሆነው።

ከዚያ አሮጌ የፕላስቲክ ባልዲ ፈልጊ፣ ቂጡንና ጎኑን በሳሺው፣ ኳሱን ከቦ እንዲቀመጥ ሮቶው ውስጥ እሰሪው። ክንዱ የሚገባበትን ቦታ ቁረጭለት። ባልዲው ውስጥ ያለው ውኃ አይናወጥም፣ ኳሱም ተረጋግቶ ይነሳል። የምግብ ባልዲ ይሁን፤ ቀለም የነበረበትን እንዳታስገቢ።

ሲቪል_ተማሪ | ረቡዕ ማታ

ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ ቁጥሩን ልጨምር፣ ምክንያቱም ቁጥሩ ራሱ ያስደነግጣል።

እህቴ፣ ሮቶው መግቢያ ላይ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በስንት ሰከንድ ይሞላል?

የማራኪ_እህት | ሐሙስ ጠዋት

ቫልቩ ሙሉ ተከፍቶ ወደ 50 ሰከንድ ገደማ ነው።

ሲቪል_ተማሪ | ሐሙስ ማታ

እሺ። ያ ማለት በሰከንድ 0.4 ሊትር ነው። ግማሽ ኢንች የብረት ቧንቧ ውስጡ 16 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ውኃው በሰከንድ 2 ሜትር ይጓዛል። ሩሲያዊው ዡኮቭስኪ በ1890ዎቹ መጨረሻ በሞስኮ የውኃ መስመሮች ላይ ሙከራ አድርጎ ያወጣት ቀላል ሒሳብ አለች። የውኃው ፍጥነት በድንገት ሲጠፋ የሚዘለው ግፊት፣ የውኃው እፍጋት ሲባዛ በምቱ የጉዞ ፍጥነት፣ ሲባዛ በጠፋው ፍጥነት ነው። በብረት ቧንቧ ውስጥ ምቱ በሰከንድ 1300 ሜትር ገደማ ይበራል። ያንቺ ቤት ላይ ሲሰላ 26 ባር ይመጣል፤ ያውም በቧንቧው ውስጥ ካለው ግፊት ላይ ተጨማሪ።

ግን ይሄ የሚሆነው መዝጊያው ምቱ ሄዶ ከመመለሱ በፊት ከዘጋ ነው። በ30 ሜትር ላይ ምቱ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት ከሰከንድ ሃያኛ ያነሰ ጊዜ ነው። ኳሱ ሲወዛወዝ የቀረችውን ስንጥቅ በዚያ ፍጥነት ሊዘጋት ይችላል። በዚያች ሰዓት ግን ውኃው ከ2 ሜትር በታች ስለሚጓዝ ትክክለኛው ምት ከ26 ያንሳል። ያው ውኃ ቀስ ብሎ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ቢቆም ግን ጭማሪው ከ1 ባር አይበልጥም። ስለዚህ ቀስ ብሎ የሚዘጋ ቫልቭ ከምንም በላይ ነው።

ቤቱ በፒፒአር የተሠራ ሰው ደግሞ እድለኛ ነው። ፕላስቲኩ ስለሚለጠጥ ምቱ ወደ ሲሶ ይወርዳል። ድምፁም ይታፈናል። ይመታል ግን።

ቸቸላ_ነኝ | ሐሙስ ማታ

ስለ መጥበቡ አንድ ጥያቄ አለኝ። ቆጣሪው ጋ ያለውን ግማሽ ስትዘጋ ውኃው ይቀንሳል አይደል? እኛ ሰፈር ውኃ የሚቆየው ጥቂት ሰዓት ነው፣ ደካማም ነው። ሮቶው ሳይሞላ ቢሄድብንስ? ድምፅ ሰምቶ ማደር ከውኃ ማጣት ይሻላል።

ቧንቧ_ሠሪ_አራዳ | ሐሙስ ማታ

ልክ ነህ፣ ይሄ ለሁሉም አይሆንም። የእህታችንን ብናይ ባለ 1000 ሊትር ሮቶ ሙሉ ተከፍቶ በ40 ደቂቃ ገደማ ይሞላል። ግማሹን ስናጠበው ወደ አንድ ሰዓት ከ25 ደቂቃ ይሄዳል። ውኃው የሚቆይ ከሆነ ችግር የለውም። ሁለት ሮቶ ላለው ወይም ውኃው ቶሎ ለሚጠፋበት ሰው መጥበብ አይመከርም። እሱ ቫልቩን ይለውጥ፣ ባልዲውን ያስገባ።

እናንተ ጋ ውኃው ደካማ ከሆነ ደግሞ ምናልባት ጭራሽ አይመታም። ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት ናት። በየ10 ሜትር ቁልቁለት አንድ ባር ይጨመራል። አንዱ ሰፈር ሲንጠባጠብ ሌላው ሲፈነዳ የምናየው ለዚህ ነው።

ሌላም ልንገርህ፤ የሚጠበው በጌት ቫልቭ ይሁን። በማንጠልጠያ አንዴ ጠምዝዘህ የምትዘጋውን ቦል ቫልቭ ግማሽ ከፍተህ አትተወው፤ ውስጡ ይበላል፣ ደግሞም እሱን ራሱን በፍጥነት ስትዘጋው ነው ከሁሉ የከፋው ጓ የሚመጣው።

ፎርማን_ጎንደር | ዓርብ ጠዋት

ጋሼ፣ በአክብሮት ነው፣ እኔ ግን ከሁሉ የሚሻለው የአየር ክፍል ነው እላለሁ። በቲ ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ቧንቧ ወደ ላይ አቁመህ ራሱን በካፕ ትዘጋዋለህ፣ ውስጡ የሚቀረው አየር ምቱን ይውጠዋል። ርካሽ ነው። አንድ ጊዜ ሠርተህ ትረሳዋለህ።

ቧንቧ_ሠሪ_አራዳ | ዓርብ ጠዋት

የአየር ክፍል ጥሩ ነው፣ እኔም እሠራለሁ። «ትረሳዋለህ» የሚለው ላይ ነው የምንለያየው። አየሩ ቀስ በቀስ በውኃው ውስጥ ይሟሟል። ወራት ሲያልፉ ክፍሉ በውኃ ይሞላና ተራ ቧንቧ ይሆናል። ደንበኛው «ሠርተኸው ነበር፣ ተመልሶ መጣ» ይልሃል። ስለዚህ የማፍሰሻ ቧንቧ ያስፈልገዋል። በየጥቂት ወሩ መስመሩን ዘግተህ፣ ውኃውን አፍስሰህ፣ አየር ታስገባበታለህ።

ቦታውም ወሳኝ ነው። ክፍሉ ከሚዘጋው ቫልቭ አጠገብ፣ በአንድ ሜትር ውስጥ ይሁን። ቆጣሪው ጋ ቢገባ ለሮቶው ቫልቭ ብዙ አይረዳም። ቀጥ ብሎ ይቁም፤ የተኛ ወይም የተዘቀዘቀ ከሆነ አየሩ ያመልጣል። ዲያሜትሩ ከመስመሩ ከፍ ይበል፤ ለግማሽ ኢንች ሦስት ሩብ አድርግ። ቀጭን የፍሳሽ ፒቪሲ ደግሞ በፍጹም እንዳታስገባ። የታመቀ አየር ያለበት ፒቪሲ ሲፈነዳ ስብርባሪው ሰው ይጎዳል።

ሲቪል_ተማሪ | ዓርብ ማታ

እዚህ ላይ የጎንደርን ከፍታ እናስገባው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ነን፣ የአየሩ ግፊት 0.78 ባር ገደማ ነው። ክፍሉ ሲሠራ የሚገባበት አየር መነሻው ስስ ነው። የመንገዱ ውኃ 4 ባር ቢሆን ያንን አየር ወደ ስድስተኛ ክፍል ይጨምቀዋል። የ60 ሳንቲ ሜትር ክፍል ውስጥ የሚቀረው አየር ገና ከመጀመሪያው 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከሮቶው በሚወርደው መስመር ላይ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ጣሪያው ከማሽኑ 6 ሜትር ያህል ከፍ ቢል ግፊቱ 0.6 ባር ነው፣ ከአየሩ ግማሽ በላይ ይቀራል፤ 34 ሳንቲ ሜትር ገደማ።

ስለዚህ ለልብስ ማጠቢያው የአየር ክፍል፣ ለሮቶው ደግሞ የተሻለ ቫልቭ። እኔ እንዲህ ነው የምከፍለው።

የማራኪ_እህት | ዓርብ ማታ

ግን ከሮቶ የሚወርደው ውኃ ይሄን ያህል ደካማ ከሆነ ማሽኑ ለምን ጓ ይላል? ገላ መታጠቢያው እንኳ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው።

ቧንቧ_ሠሪ_አራዳ | ዓርብ ማታ

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ነው። ምቱን የሚወስነው የሚጓዝበት ፍጥነትና የሚዘጋበት ቅጽበት ነው፤ ውኃው ቆሞ ሳለ ያለው ግፊት አይደለም። ማሽኑ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ቫልቭ ውኃውን በቅጽበት ይቆርጠዋል። ውኃው በሰከንድ ግማሽ ሜትር ብቻ ቢጓዝ እንኳ በወጣቱ ሒሳብ 6 ባር ተኩል ይመጣል። ቆሞ ሳለ 0.6 ባር ለሆነ መስመር ይሄ ትልቅ ምት ነው። መጀመሪያ የሚጎዳውም የማሽኑ ቱቦ ነው። ቱቦው ላይ ያበጠ ቦታ ካየሽ ዛሬውኑ ለውጪው።

ፔንሲዮን_ያለን | ቅዳሜ ጠዋት

እኛ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ፔንሲዮን አለን። አልጋ ክፍሎቹ ውስጥ ማንሻ ያላቸው ቧንቧዎች አስገባን፣ ከዚያ ወዲህ እንግዳ ማንሻውን ጥሎ በዘጋ ቁጥር የጎረቤት ክፍል ይነቃል። ፓምፕም አለን። በየክፍሉ የአየር ክፍል መሥራት አንችልም፤ ግድግዳው ሴራሚክ ነው። ምን ይሻላል?

ቧንቧ_ሠሪ_አራዳ | ቅዳሜ ጠዋት

ፓምፕ ካላችሁ ግፊቱ ስንት ላይ ነው የሚቆመው? ብዙ ቤት 4 ወይም 5 ባር ላይ አስተካክለው ይተዉታል። ለአንድ ፎቅ 2 ባር ተኩል በቂ ነው። እሱ ሲቀንስ ፍጥነቱም ይቀንሳል። በየማጠቢያው ሥር ያሉትን ትንንሽ ቫልቮች ደግሞ ግማሽ አጥብቡ። ከፓምፑ ጋር ጎማ ፊኛ ያለበት የብረት ታንክ ካለ የፊኛውን አየር በጎማ መለኪያ ለኩ። መስመሩ ባዶ ሆኖ ነው የሚለካው፤ ውኃ እያለበት ከለካችሁት ያሳስታል። አየሩ አልቆበት ከሆነ ታንኩ ለስም ነው የተቀመጠው።

ፎርማን_ጎንደር | ቅዳሜ ማታ

ስለ ቼክ ቫልቩ አልተስማማሁም፣ ግን አንድ ነገር ልጨምር። በፈረቃ በሚመጣ መስመር ላይ ውኃው ሲጠፋ ቧንቧው ወደ ታች ይፈስሳል፣ የሮቶው ውኃ ሲቀንስ ኳሱ ወርዶ ከላይ አየር ይገባል። የአየር ክፍሉ ራሱን ይሞላል ማለት ነው። ለኛ ከተማ እኮ ይሄ ጥሩ ነው።

ቧንቧ_ሠሪ_አራዳ | ቅዳሜ ማታ

እሱ እውነት ነው፣ ጥሩ አየህ። ቼክ ቫልቭ ያስገባህለት ቤት ግን ቧንቧው አይፈስስም፣ ክፍሉም ራሱን አይሞላም። አንዱ ሌላውን ያበላሸዋል።

የማራኪ_እህት | የሚቀጥለው ሳምንት፣ እሑድ

ተመልሼ መጣሁ። ጠባብ ቀዳዳ ያለው ቫልቭ ከነረጅም ክንዱ ተገኘ። ባልዲው ገባ። መግቢያውንም ወንድሜ በጎሚቶ ወደ ጎን አዞረው፣ ውኃው ኳሱ ላይ አይወድቅም። ቆጣሪው ጋ ግማሽ እንደጠበበ ተውነው። ትናንት ውኃ መጥቶ ሮቶው ሞላ፣ እናቴ አልነቃችም። ማሽኑ ጋ ባለ ሦስት ሩብ፣ 50 ሳንቲ ሜትር ክፍል ከነማፍሰሻው ቆመ። ጓ የሚለው ቀርቶ እጅ ስታስቀምጪበት ብቻ የሚሰማ ሆኗል።

አንድ ነገር ግን ቀረ። ሮቶው ከሞላ በኋላ፣ ሌሊት፣ ከሩቅ የሚመጣ ድው አለ። ቆጣሪው ጋ ያለውን ሙሉ ለሙሉ ዘግቼም ሰማሁት።

ቧንቧ_ሠሪ_አራዳ | እሑድ ማታ

ዘግተሽም ከሰማሽው ያንቺ ቫልቭ አይደለም። ከአንድ መስመር የምትቀጥሉ ጎረቤት ሮቶ ሊሆን ይችላል። ምቱ በብረቱ ላይ እየተሻገረ ይመጣል። ሲጀምር ወጥተሽ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ቧንቧ በእጅሽ ያዢው፣ ከዚያ የጎረቤቱን። የቱ እንደሚንቀጠቀጥ ይነግርሻል።

የማራኪ_እህት | እሑድ ማታ

ጎረቤታችን ተከራይ ነው፣ አከራዩ ደግሞ ባሕር ዳር ነው ያለው፣ ስልክ አያነሳም። ተከራዩን አነጋግሬዋለሁ፤ ቫልቩን ለማየት ፈቃደኛ ነው፣ ለመግዛት ግን አከራዩን ይጠብቃል።

ቧንቧ_ሠሪ_አራዳ | እሑድ ማታ

ሳይገዛም የሚሆን አለ። የእሱ ቆጣሪ ጋ ያለውን ጌት ቫልቭ ትንሽ ያጥብብ፣ ባልዲውንም ያስገባ። ፒኗ ተበልታ ከሆነ ግን ያ ብቻ አይበቃም። አይቶ ይንገርሽና እዚሁ ጻፊልኝ።